«ሶፍት ኮፒውን ላኪልኝ» ካለኝ ዘጠኝ ቀን ሆነው

«እህት ዓለም፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። የሳቢያን ልጅ ነኝ። ሰኔ 2017 በአካውንቲንግ ተመርቄ እስካሁን ሥራ አላገኘሁም። ከዘጠኝ ቀን በፊት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በተዘጋጀ ጆብ ፌር ላይ ነበርኩ። ነፃ ንግድ ቀጠናው ውስጥ ቅርንጫፍ ያለው አንድ የሎጂስቲክስ ድርጅት ለድሬ ጀማሪ አካውንታንት ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ የመጣው የኤች አር ሰው ሲቪዬን ተቀብሎ ስለ ኢንተርንሺፔ ጠየቀኝ። የመጋዘኑ ቢን ካርድ፣ ማለትም የዕቃው ገቢና ወጪ በእጅ የሚመዘገብበት ካርድ፣ ከሲስተሙ ቁጥር ጋር አልገጥም ብሎ ምክንያቱን እንዴት እንዳገኘሁ ነገርኩት። ደስ አለው። ሲቪዬ ላይ የሆነ ነገር ጻፈና ቢዝነስ ካርዱን ሰጥቶኝ «ሶፍት ኮፒውን ላኪልኝ» አለኝ። ቤት ገብቼ ሲቪዬን ስከፍት ግን ክው አልኩ። ምረቃዬን 2017፣ ኢንተርንሺፔን 2024 ብዬ ጽፌዋለሁ። አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ! አፍሬ ሳልልክ ቀረሁ። አሁን ብጽፍ ረስቶኛል፣ የምለምነውም ይመስላል። አጎቴ «እዚያ የማውቀው ሰው አለ፣ እሱ ይንገርልሽ» ይላል። ጓደኛዬ በቴሌግራም አውሪው ትላለች። ምን ላድርግ?»
ሀ.፣ ከድሬዳዋ

እህቴ ሀ.፣ ጻፊለት። በኢሜይል፣ በራስሽ ስም፣ ይህን ባነበብሽ ማግስት። እንዴት እንደምትጽፊ አብረን እናየዋለን። መጀመሪያ ግን እጅሽን ስለያዘው ነገር ትንሽ እናውራ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሲቪሽ ላይ ያ የዓመት መደበላለቅ ባይኖር ኖሮ በዚያው ምሽት አትልኪለትም ነበር? ትልኪ ነበር ብዬ አስባለሁ። እንግዲያው የያዘሽ ልመና መምሰሉ አይደለም፣ ሲቪው ነው። ሰውየው በአፉ ላኪልኝ ብሎሻል። ካርዱንም በእጁ ሰጥቶሻል። ጆብ ፌር ላይ የኤች አር ሰዎች ካርዳቸውን ለቆመ ሁሉ አያድሉም። ጠረጴዛው ፊት ሰልፍ አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ አብዛኛውን ሰው ሲቪውን ተቀብለው «እናሳውቃችኋለን» ብለው ነው የሚሸኙት። አንቺን ጠየቀሽ፣ አዳመጠሽ፣ ወረቀትሽ ላይ ጻፈ። አሁን መልስ የሚጠበቀው ካንቺ ነው።

ስለ መዘግየቱ እውነቱን ልንገርሽ። ጥሩው ጊዜ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ነበር። ያኔ ፊትሽም ወሬሽም ትኩስ ነው። ዘጠኝ ቀን ዘግይቷል፣ ይህ መልስ እስኪወጣ ደግሞ ጥቂት ቀን ይጨመርበታል። ግን በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሲመለስ የሚጠብቀው ሌላ ሥራ አለ። ከፌሩ የሰበሰበው የሲቪ ክምር ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ሳይነካ ይሰነብታል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ይለያል። ለቅርንጫፍ የሚቀጠር ሰው ከሆነ ደግሞ የቅርንጫፉ ኃላፊ አስተያየት ይጠበቃል፣ ፈተና ይወጣል። በቅጥር ሥራ ላይ ዓመታት ስላሳለፍኩ ይህን መጓተት በደንብ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ከነገ ይሻላል። «ረስቶኛል» የሚለውም ቢሆን ደብዳቤው በራሱ የሚፈታው ነገር ነው፣ ወደዚያ እንመጣለን።

አሁን ወደ ሲቪው። ያ ስሕተት ምን እንደሚያደርግ በደንብ እንድታይው እፈልጋለሁ። ሰውየው ራሱ አበሻ ነው። አንቺን በዓይኑ ስላየሽ 2017 በእኛ መሆኑን ይገምት ይሆናል። ችግሩ ሲቪው እሱ ጋ ብቻ አለመቅረቱ ነው። አንድ ረዳት ሠራተኛ የሁሉንም አመልካች ስም፣ የምረቃ ዓመትና የሥራ ልምድ ኤክሴል ላይ ትሞላለች። እሷ አላየችሽም። እንግሊዝኛ ሲቪ ላይ 2017 የሚል ካየች እንዳለ ነው የምትጽፈው። ከዚያ በኋላ አንቺ ከተመረቅሽ ስምንት ዓመት የሆነሽ፣ ኢንተርንሺፕ ግን ከምረቃሽ ሰባት ዓመት በኋላ የሠራሽ ሰው ትሆኛለሽ። ቦታው ለ0 ዓመት ልምድ ከሆነ «ይህቺ ልጅ እስከዛሬ የት ነበረች?» ተብሎ ትታለፊያለሽ። ማንም ደውሎ አይጠይቅሽም።

ስለዚህ ካልጻፍሽለት እጁ ላይ የሚቀረው ያ ወረቀት ብቻ ነው። ይህን ሳስብ ነው ዝም አትበዪ የምለው።

ሲቪሽ በእንግሊዝኛ ከሆነ ሁሉንም ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጊው። ሁሉንም፣ አንድ ሳይቀር። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙ ልጆች በጅምላ 8 ይደምራሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ባለው ጊዜ የሚደመረው 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። ያንቺ ሰኔ 2017 ጁን 2025 ነው። ኢንተርንሺፕሽ ሐምሌና ነሐሴ 2016 ከነበረ ጁላይና ኦገስት 2024 ነው፣ እሱ ልክ ነው ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ለምሳሌ ጥቅምት 2014 ከሆነ ግን ኦክቶበር 2021 ነው፣ 2022 አይደለም። ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንም ጻፊ። ወር ካለ የሚያነበው ሰው አይደናገርም። የልደት ቀንሽንም አትርሺ። ስትጨርሺ ጊዜያዊ ዲግሪሽን አውጥተሽ ጎን ለጎን አስቀምጪና አስተያዪ። ሲቪው አንድ ዓመት፣ ሰነዱ ሌላ ዓመት ካለ ጥርጣሬ ያመጣል።

አሁን ደብዳቤው። የኤች አር ሰው ኢሜይሉን መጀመሪያ የሚያየው ብዙ ጊዜ ስልኩ ላይ ነው። የሚታየው የላኪው ስም፣ ርዕሱና የመጀመሪያው መስመር ነው። ብዙ አመልካቾች ርዕሱን ባዶ ይተዉታል፣ ወይም «ሲቪ» ብለው ብቻ ይጽፋሉ። በዚያ ሳምንት «ሲቪ» የሚል ርዕስ ያለው ኢሜይል ስንት እንደሚደርሰው አስቢው። ደግሞ ደብዳቤሽ ደስ ካለው ለቅርንጫፉ ኃላፊ ፎርዋርድ ያደርገዋል። ያ ሰው ጆብ ፌሩ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ርዕሱ ላይ የሥራ መደቡ፣ ከተማውና ስምሽ ከነአባትሽ ይግባ። ከወር በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ሲፈልግሽ በየትኛውም ቃል ያገኝሻል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ። ቃሉን በራስሽ አማርኛ ቀይሪው፣ ቅንፍ ውስጥ ያለውንም አንቺ ሙዪ።

ርዕስ፦ ጀማሪ አካውንታንት፣ ድሬዳዋ፤ ጆብ ፌር ላይ የጠየቁኝ ሲቪ፤ (ስምሽ ከነአባትሽ)

ጤና ይስጥልኝ አቶ (ስሙ)፣

በ(ቀኑ) በዩኒቨርሲቲው ጆብ ፌር ላይ ስለ ድሬዳዋው የጀማሪ አካውንታንት ቦታ አነጋግረውኝ ነበር። በኢንተርንሺፕ ላይ እያለሁ የቢን ካርድና የሲስተም ቁጥር ያልተጣጣመበትን ምክንያት ስላገኘሁበት ቆጠራ የነገርኩዎት ነኝ። ዕቃው ከመጋዘን ወጥቶ የወጪ ሰነዱ ሲስተም ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ ነበር።

የጠየቁኝን ሲቪ ከጊዜያዊ ዲግሪዬ ጋር አያይዣለሁ። በእጅ የሰጠሁዎት ቅጂ ላይ የምረቃ ዓመቴ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2017 ተብሎ ተጽፏል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 2025 ነው። በዚህኛው ላይ ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆኑ የመጀመሪያውን በዚህ ቢተኩልኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቦታው ገና ክፍት ከሆነ ለፈተናም ለቃለ መጠይቅም ድሬዳዋም ሆነ አዲስ አበባ መገኘት እችላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
(ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር)

በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ በአንድ ልንገርሽ።

ያ የቆጠራ ታሪክ ደብዳቤው ውስጥ ትልቁ ነገር ነው። ሰውየው በዚያን ቀን ብዙ የአካውንቲንግ ምሩቅ አነጋግሯል። ስምሽን ላያስታውስ ይችላል። «ያቺ የቢን ካርዷ ልጅ» ግን ትዝ ትለዋለች። ምናልባትም ወረቀትሽ ላይ የጻፈው እሱን ነው። ለእኔ የልዩነቱ ምክንያት ምን እንደነበር አልጻፍሽልኝም፣ ስለዚህ ናሙናው ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን አስገብቼልሻለሁ። ያንቺ ምን ነበር? ዕቃው ሁለቴ ተመዝግቦ ነበር? የተመለሰ ዕቃ ነበር? መለኪያው ካርቶንና ፍሬ ተደበላልቆ ነበር? እውነተኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፣ ከዚያ አታርዝሚው። የሠራሽበትን ድርጅት የዕቃ መጠንና የገንዘብ ቁጥር ግን አታውጪ። የሒሳብ ሰው የሌላ ቤት ቁጥር ሲያወጣ ያየ ቀጣሪ የእኛንም ያወጣል ብሎ ይሰጋል።

ስለ ዓመቱ የጻፍኩት ሁለት መስመር ላይ «አፈርኩ»፣ «ተሳሳትኩ»፣ «በጣም አዝናለሁ» የሚል እንደሌለ አየሽ? ምን ተብሎ እንደተጻፈ፣ ትክክለኛው ምን እንደሆነ፣ ምን እንዲያደርግልሽ እንደምትፈልጊ ብቻ ነው ያለው። አካውንታንት ምዝገባ ላይ የተሳሳተ ነገር ስታገኝ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈልግሽ ሰው ይህን አያጣውም ብዬ አምናለሁ። የመዘግየት ይቅርታውም አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ታምሜ ነበር፣ ኔትወርክ አልነበረም እያልሽ ምክንያት አትፈልጊ። ማንም አልጠየቀሽም። ያልሆነውን መጻፍ ደግሞ በኋላ ይከብድሻል።

የመጨረሻዋ መስመር ጥያቄ ትመስላለች እንጂ ልመና የላትም። «እባክዎ ሥራ ያስገቡኝ፣ ቤተሰብ የማስተዳድረው እኔ ነኝ» የሚሉ ደብዳቤዎች ብዙ አንብቤያለሁ። ልብ ይነካሉ። ግን አንባቢውን ምንም ማድረግ የማይችልበት ቦታ ላይ ያስቀምጡታል። «ድሬዳዋም አዲስ አበባም እመጣለሁ» ስትይው ግን ቀጠሮ ሊይዝልሽ ይችላል። በእርግጥ አዲስ አበባ መሄድ የምትችይ ከሆነ ነው የምትጽፊው። የትራንስፖርቱን ነገር ቤት ውስጥ ቀድመሽ ተነጋገሪበት።

ስለ አጠራሩም አንድ ነገር። እኛ ድሬዎች ከሰው ጋር ለመግባባት ጊዜ አይፈጅብንም። ጠረጴዛው ጋ «አቦ አንተ» ተባብላችሁ ተሳስቃችሁም ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ላይ ግን እርስዎ በዪው፣ በዕድሜ ቢቀራረብሽም። ደብዳቤው ለአለቃው ሊተላለፍ ይችላል። ካርዱ፣ ማስታወቂያውና ሲቪሽ ሁሉም በእንግሊዝኛ ከሆኑ ደብዳቤውም በእንግሊዝኛ ይሁን፤ አሳቡና ርዝመቱ ያው ነው። ያኔ «ሚስተር» ካልሽ በኋላ የምትጽፊው የራሱን ስም ነው፣ የአባቱን አይደለም። የአባቱን ስም ብቻ ከጻፍሽ ሌላ ሰው እየጠራሽ ነው።

አሁን አባሪዎቹ። ብዙ ጥሩ ደብዳቤ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሲቪው ፒዲኤፍ ይሁን። በወርድ ከላክሽው እሱ ስልክ ላይ ሲከፈት መስመሩ ሊዘበራረቅ ይችላል። የፋይሉ ስም ያንቺ ስም ይሁን። ስንት ጊዜ ነው «ሲቪ የመጨረሻ ሁለት» የሚል ፋይል አውርጄ የማን እንደሆነ የጠፋብኝ! ጊዜያዊ ዲግሪሽን በስልክ ፎቶ አንስተሽ እንዳለ አትላኪ። አንድ ፎቶ ብቻውን ብዙ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፣ ጥላሽም ይገባበታል። የስካን አፕ ተጠቀሚ፣ ወይም ወረቀቱን ይዘሽ አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ በይና ስካን አስደርጊው። ሁለቱ ፋይሎች ተደምረው ከ2 ሜጋባይት ባይበልጡ ደስ ይለኛል። ጂሜይል እስከ 25 ሜጋባይት ይልካል፣ የድርጅቱ ሰርቨር ግን ያን ያህል ላይቀበል ይችላል። ከ25 ካለፈ ደግሞ ጂሜይል ራሱ ወደ ጉግል ድራይቭ ሊንክ ይቀይረዋል። ፈቃዱን በትክክል ካልሰጠሽ ሰውየው ሊንኩን ሲነካ የሚያገኘው «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ገጽ ነው። ማንም ሥራ የበዛበት ሰው ፈቃድ ጠይቆ አይጠብቅም።

ትራንስክሪፕትና የመውጫ ፈተና ውጤትሽን አሁን አትጨምሪ። እሱ የጠየቀሽ ሲቪ ነው። ጊዜያዊ ዲግሪውን የጨመርነው ዓመቱን ስለሚያረጋግጥልሽ ብቻ ነው። ሌላውን ስካን አድርገሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ፣ ሲጠይቅሽ በዚያው ሰዓት ትልኪለታለሽ። ዋናው ዲግሪሽ በኮስት ሼሪንግ ምክንያት ገና በእጅሽ ካልሆነ አትጨነቂ። አዲስ ምሩቅ በጊዜያዊው ማመልከቱ የተለመደ ነው።

ከመላክሽ በፊት አድራሻሽን ተመልከቺው። ኢሜይልሽ ሃይስኩል እያለሽ የከፈትሽው፣ በቅጽል ስም ወይም በፍቅር ቃል የተሠራ ከሆነ በስምሽና በአባትሽ ስም ሌላ ክፈቺ። ሲቪው ላይም እሱኑ ቀይሪ። የእሱን አድራሻ ደግሞ ከካርዱ ላይ ፊደል በፊደል ጻፊው። ትንሽዬ ኤልና ቁጥር አንድ፣ ኦና ዜሮ ይመሳሰላሉ። ከላክሽ በኋላ ወዲያው ስልኩን አትዝጊው። አድራሻው ስሕተት ከሆነ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ Mail Delivery Subsystem ከሚባል ላኪ መልእክት ይመጣልሻል። ውስጡ Address not found ካለ ደብዳቤው አልደረሰም ማለት ነው። ያኔ ካርዱ ላይ ወዳለው የቢሮ ስልክ ደውለሽ አድራሻውን ማጣራት ነውር የለውም። ይህን መልእክት ሳያዩ ወር ሙሉ «ናቀኝ» እያሉ የተብሰለሰሉ ልጆች አውቃለሁ።

ስለ አጎትሽ። ክፉ አላሰቡም፣ ሊረዱሽ ነው። ግን እስቲ አስቢው፤ አንቺ ሰውየውን ያስደሰትሽው በራስሽ ሥራ ነው። አሁን የሆነ ሰው ደውሎ «የእኛ ልጅ ናትና እያት» ቢለው ያ ወሬ ይሸፈናል፣ አንቺም «የእከሌ ሰው» ትሆኛለሽ። አንዳንድ ሰው ደግሞ በዚህ ይከፋል። አጎትሽን ማስቀየም ካልፈለግሽ በሌላ ነገር እንዲያግዙሽ ጠይቂያቸው። ያ የሚያውቁት ሰው ቦታው ገና ክፍት መሆኑን፣ ማስታወቂያ ወጥቶ እንደሆነ፣ ማመልከቻ የሚያልቅበት ቀን መቼ እንደሆነ ሊነግርሽ ይችላል። ይህ መረጃ ነው። ማንንም አያስገድድም። ደብዳቤው ውስጥ ግን የእሱን ስም አታንሺ።

ቴሌግራሙን ለጊዜው ተይው። ብዙ የሥራ ማስታወቂያ በቴሌግራም እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ጓደኛሽ ያለችው ከዚያ ተነስታ ይሆናል። ግን ሰውየው ላኪልኝ ያለሽ ወደ ካርዱ ነው። ቴሌግራሙ የግሉ ነው፣ ከቤተሰቡና ከጓደኞቹ መልእክት መሃል ትገቢያለሽ። ከዚያ ላይ ደግሞ ለአለቃው የሚያስተላልፈው ነገር አይመችም። ካርዱ ላይ ራሱ የቴሌግራም አድራሻ ካሳተመ ነገሩ ሌላ ነው።

ልከሽ ዝም ካለስ? ይህ የሚያስጨንቅሽ ይመስለኛል። በመጀመሪያ ራሱን የሚመልስ ኢሜይል ከመጣልሽ በደንብ አንብቢው። ፈቃድ ላይ መሆኑንና እስከ መቼ እንደሆነ፣ አንዳንዴም በእሱ ፋንታ ማን እንዳለ ይነግርሻል። ካልመጣ አምስት ወይም ሰባት የሥራ ቀን ጠብቂ። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም። ከዚያ አዲስ ኢሜይል አትጀምሪ። የላክሽውን ክፈቺና እዚያው ላይ ሪፕላይ አድርጊ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ከሥሩ እንዲታይ። ሪፕላይ ስታደርጊ ጂሜይል አባሪውን አያስከትልም፣ ስለዚህ ሲቪውን እንደገና አያይዢ። ጽሑፉ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ጤና ይስጥልኝ አቶ (ስሙ)፣ ስለ ድሬዳዋው የጀማሪ አካውንታንት ቦታ የላክሁት ሲቪ ደርሶዎት እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው። ተጨማሪ ሰነድ ካስፈለገ በዕለቱ እልካለሁ።» «ለምን አልመለሱልኝም» የሚል ነገር አይኑርበት።

ከሁለተኛው በኋላም መልስ ከሌለ ሦስተኛ አትጻፊ። ያኔ የድርጅቱን መደበኛ ማስታወቂያ ተከታትለሽ እንደማንኛውም ሰው ታመለክቺያለሽ፣ ማመልከቻው ላይም ጆብ ፌሩ ላይ እንዳነጋገሩሽ በአንድ መስመር ትጠቅሻለሽ። እስከዚያው ሌሎች ቦታዎችን አታቁሚ። ከዚያ ቀን የሌላ ድርጅት ሰው ያነጋገረሽ አለ? ካለ የተስተካከለው ሲቪ ለእነሱም መድረስ አለበት። ያው አሮጌው ወረቀት እነሱም ጋ ነው ያለው።

መልስ ከመጣና ቀጠሮ ከተያዘልሽ ሰዓቱን አጣሪ። ይህን የምለው ልጆች በዚህ ምክንያት ቃለ መጠይቅ ሲያመልጣቸው ስላየሁ ነው። በእንግሊዝኛ ኢሜይል «ማክሰኞ 9:00» ቢልሽ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው ወይስ ከሰዓት ዘጠኝ? አንዳንዱ ሰው በእንግሊዝኛ እየጻፈም የሚያስበው በሐበሻ ሰዓት ነው። ስለዚህ መልስሽ ላይ «ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እገኛለሁ» ብለሽ አረጋግጪለት። ስሕተት ካለ እሱ ያርምሻል። ቦታውንም ጠይቂ፤ ድርጅቱ ነፃ ንግድ ቀጠናው ውስጥም ከተማ ውስጥም ቢሮ ካለው የት እንደምትሄጂ ቀድመሽ ማወቅ አለብሽ። ቀጠናው ከሆነ በር ላይ ማን እንደሚቀበልሽና መታወቂያ ያስፈልግ እንደሆነ እዚያው ጠይቂው።

ደብዳቤውን ጽፈሽ ሌላ ዓይን እንዲያየው ከፈለግሽ ለእኔ ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ። የእኔን መልስ ስትጠብቂ ግን እንዳይዘገይብሽ። ሲቪውን ዛሬ ማታ አስተካክለሽ፣ ቀኖቹን ከዲግሪሽ ጋር አስተያይተሽ፣ የሥራ ቀን ከሆነ ነገ ጠዋት ላኪው።